የዕቁብ መዝገብ አያያዝ፤ የጣለውን፥ የደረሰውንና የቀረውን ለይቶ ስለ መጻፍ

ለመንደር ትምህርት ቤት መምህራንና መጻፍ ማንበብ ለሚያውቁ ሽማግሌዎች

1. ዕቁብ ምን እንደ ኾነ

ዕቁብ ማለት የሚተዋወቁ ሰዎች ተማምነው፥ በተወሰነ ቀን እኩል ገንዘብ እየጣሉ፥ የተሰበሰበውን በየተራው ለአንዱ ለአንዱ የሚሰጡበት ማኅበር ነው። ወለድ የለበትም፤ ትርፍም የለበትም። ስድስት ሰዎች በየሳምንቱ 200 ብር ቢጥሉ በየሳምንቱ 1200 ብር ይሰበሰባል። ይህም ገንዘብ በየሳምንቱ ለአንድ ሰው ይሰጣል። በስድስተኛው ሳምንት ለኹሉም ደርሶ ዕቁቡ ይፈጸማል። እያንዳንዱ ሰው 1200 ብር ጥሎ 1200 ብር ይወስዳል፤ በአንዱና በሌላው መካከል ያለው ልዩነት የጊዜ ልዩነት ብቻ ነው።

ይህ የጊዜ ልዩነት ግን ቀላል ነገር አይደለም። በመጀመሪያው ሳምንት የደረሰው ሰው 200 ብር ብቻ ጥሎ 1200 ብር ይዞ ይኼዳል፤ ከዚህ ውስጥ 1000 ብሩ የባልንጀሮቹ ገንዘብ ስለ ኾነ እርሱ ተበዳሪ ነው። በመጨረሻ የሚደርሰው ሰው ደግሞ እስከ አምስተኛው ሳምንት ድረስ 1000 ብሩን ለሌሎች ሰጥቶ እጁ ባዶ ኾኖ ይጠብቃል፤ እርሱ አበዳሪ ነው። በመካከል ያለውም ሰው እስኪደርሰው ድረስ አበዳሪ፥ ከደረሰው በኋላ ተበዳሪ ይኾናል። ስለዚህ በአንድ ዕቁብ ውስጥ አበዳሪና ተበዳሪ ከመጀመሪያው ቀን እስከ መጨረሻው ቀን ጎን ለጎን ተቀምጠው ይውላሉ።

የዕቁብ መዝገብ ዋና ሥራው ይህን ለይቶ ማሳየት ነው። ስምና የገንዘብ ቍጥር ብቻ የተደረደረበት ወረቀት ማን ስንት እንደ ጣለ ይናገራል እንጂ፥ የቀረው ሰው የራሱን ገንዘብ ያዘገየ ይኹን ወይም የሰው ገንዘብ በልቶ የቀረ ይኹን አይናገርም። ጠብ የሚነሣውም ከዚህ ላይ ነው።

2. ስለ ሠንጠረዡ አሠራር

የዕቁብ መዝገብ በአንድ ሰፊ ገጽ ላይ ይሠመራል። በስተግራ ከላይ ወደ ታች የአባሎቹ ስም ይጻፋል፤ ለእያንዳንዱ አባል አንድ ረድፍ ነው። ከላይ ደግሞ ከግራ ወደ ቀኝ ዙሮቹ ይጻፋሉ፤ ለእያንዳንዱ ዙር አንድ ዐምድ ይኾናል፥ በዐምዱም ራስ ላይ ዕለቱ ይጻፋል። የአባሎቹ ቍጥርና የዙሮቹ ቍጥር አንድ ስለ ኾነ፥ የስድስት ሰዎች ዕቁብ ስድስት ረድፍና ስድስት ዐምድ ኖሮት 36 ቤት ይኾናል።

በያንዳንዱ ቤት ውስጥ ከአራት ነገር አንዱ ብቻ ይገኛል። አባሉ በዕለቱ ከጣለ 200 ተብሎ ይጻፋል። ጥሎ በዚያው ዕለት ዕቁቡ ከደረሰው 200 ተብሎ ከጎኑ «ደ» ይጨመራል፤ ይህም «ደረሰው» ማለት ነው። ሳይጥል ከቀረ «ቀ» ተብሎ ይጻፋል፤ ይህም «ቀረ» ማለት ነው። ቤቱ ባዶ ከኾነ ደግሞ ዙሩ ገና አልደረሰም ማለት ነው፤ ባዶ ቤት ከዚህ በቀር ሌላ ትርጕም አይሰጠውም።

ብዙ መዝገብ የሚበላሸው የቀረውን ሰው ቤት ባዶ በመተው ነው። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ያ ባዶ ቤት ሲታይ፥ ሰውየው ሳይጥል ቀርቶ እንደ ኾነ ወይም ጥሎ ጸሐፊው ሳይጽፍለት ቀርቶ እንደ ኾነ የሚለየው የለም። አንዱ «ጥያለሁ» ቢል፥ ሌላው «አልጣልህም» ቢል፥ መዝገቡ ለኹለቱም ምስክር ይኾናል። ስለዚህ ዳኛው ዕጣ ከማውጣታቸው በፊት ጸሐፊው የዕለቱን ዐምድ ከላይ እስከ ታች አይቶ፥ ባዶ የቀረውን ቤት ኹሉ በሕዝቡ ፊት «ቀ» ብሎ ይሙላው።

የቀረው ሰው ኋላ ቢከፍል «ቀ» አይፋቅም። ከጎኑ የከፈለበት ዙር ቍጥር ይጨመራል፤ «ቀ/4» ማለት ቀርቶ የነበረው በአራተኛው ዙር ተከፈለ ማለት ነው። ዋስ ከፍሎለት እንደ ኾነ «ቀ/ዋ5» ይባላል፤ ይህም በአምስተኛው ዙር ዋሱ ከፈለ ማለት ነው። መዝገቡ በቀለም ይጻፍ። የተሳሳተ ጽሕፈት ቢኖር በአንድ መሥመር ተሰርዞ ትክክለኛው ከጎኑ ይጻፍ፥ ዳኛውና ጸሐፊው ይፈርሙበት፤ የተሰረዘው መነበብ አለበት።

እንግዲህ ሠንጠረዡ እንዲህ ከተጻፈ የሰውን ረድፍ ከግራ ወደ ቀኝ በማንበብ ብቻ ነገሩ ይታወቃል። ከ«ደ» በስተግራ ያለ «ቀ» ገና ያልደረሰው ሰው የራሱን ቁጠባ ያዘገየበት ነው፤ ከደረሰው ዕለት ከዕጣው ላይ ሊያዝ ይችላል። ከ«ደ» በስተቀኝ ያለ «ቀ» ግን የባልንጀሮቹን ገንዘብ ወስዶ ያልመለሰበት ዕዳ ነው፤ ከእጁ ላይ የሚያዝ ነገር የለም፤ ዋሱን ከመጠየቅ በቀር ሌላ መንገድ አይገኝም። ፊደሉ አንድ ነው፥ ትርጕሙን የሚወስነው ግን ቦታው ነው።

3. የስድስቱ ሰዎች ዕቁብ

ለትምህርት እንዲመች አንድ ትንሽ ዕቁብ በምሳሌ እንመልከት። በአንድ የቅዳሜ ገበያ ስድስት ሰዎች በየሳምንቱ 200 ብር ለመጣል ተስማሙ። እነርሱም መምህሩ፥ ሸማኔው፥ ጠላ ሻጪቱ፥ ገበሬው፥ ቅቤ ነጋዴይቱና ልብስ ሰፊው ናቸው። ገበሬው ዳኛ ኾኑ። በብዙ ዕቁብ እንደሚደረገው፥ ዳኛው ስለ ድካማቸው የመጀመሪያውን ዙር ያለ ዕጣ ወሰዱ፤ ከኹለተኛው ዙር ጀምሮ ግን በዕጣ ኾነ።

በመጀመሪያው ዙር ኹሉም ጣሉ፤ 1200 ብር ለዳኛው ተሰጠ። በኹለተኛው ዙር ኹሉም ጣሉ፤ ዕጣው ለሸማኔው ወጣ፥ እርሱም መምህሩን ዋስ አድርጎ 1200 ብር ተቀበለ። እስከዚህ ድረስ መዝገቡ ቀላል ነው፤ ማንኛውም ወረቀት ይበቃዋል።

በሦስተኛው ዙር ጠላ ሻጪቱ ገብስ ገዝታ ገንዘብ አጥሯት ሳትጥል ቀረች። የተሰበሰበው 1000 ብር ብቻ ኾነ። ዕጣው ለቅቤ ነጋዴይቱ ወጣ። ዳኛው 1000 ብሩን ሰጥተዋት፥ ቀሪ 200 ብር እንዳላት በዐምዱ ግርጌ አስጻፉ። በጠላ ሻጪቱ ቤት «ቀ» ተጻፈ። እርሷ ገና ስላልደረሳት «ቀ»ው የሚገኘው ከ«ደ» በፊት ነው፤ ዕዳው የሚያስፈራ አይደለም። ነገር ግን ጉዳት የለበትም ማለት አይደለም፤ በዚያ ዕለት ጉድለቱን የተሸከመችው ቅቤ ነጋዴይቱ ናት፤ ሠንጠረዡም ያንን ለይቶ መያዝ አለበት።

በአንዳንድ ዕቁብ ዳኛው ጉድለቱን ከራሳቸው ኪስ ሞልተው ባለዕጣው ሙሉውን እንዲወስድ ያደርጋሉ፤ ኋላም የቀረው ሰው ለዳኛው ይከፍላል። እንዲህ በሚደረግበት ቦታም ቢኾን የቀረው ሰው ቤት «ቀ» መባሉ አይቀርም፤ ቀሪው ገንዘብ የዳኛው መኾኑ ብቻ በግርጌ ይጻፋል። ከኹለቱ ልማድ የትኛው እንደሚሠራበት ከመጀመሪያው ዙር በፊት መወሰን አለበት፤ ጉድለቱ ከደረሰ በኋላ የሚደረግ ክርክር አያልቅም።

4. ሣጥኑ ሞልቶ ሠንጠረዡ ሲጎድል

አራተኛው ዙር ጸሐፊ የሚፈተንበት ቀን ነው። ጠላ ሻጪቱ 400 ብር ይዛ መጣች፤ 200 ያለፈው ሳምንት፥ 200 የዚህ ሳምንት ነው። በዚያው ዕለት ግን ሸማኔው ቀረ። መምህሩ፥ ገበሬው፥ ቅቤ ነጋዴይቱና ልብስ ሰፊው እያንዳንዳቸው 200 ጣሉ፤ ይህ 800 ነው፤ ከጠላ ሻጪቱ 400 ጋር 1200 ብር ይኾናል። ሣጥኑ ተቈጠረ፤ 1200 ሞልቷል። ዕጣው ለልብስ ሰፊው ወጣ።

ያልተማረ ጸሐፊ በዚህ ጊዜ «ሞልቷል» ብሎ 1200 ብሩን ለልብስ ሰፊው ይሰጣል። በጠላ ሻጪቱ ቤት 400 ብሎ ይጽፋል፤ የሸማኔውን ቤት ባዶ ይተዋል። የዐምዱ ድምር 1200 ስለሚኾን ደኅና ይመስለዋል። ነገር ግን በአንድ ጊዜ ኹለት ነገር ጠፋ። የቅቤ ነጋዴይቱ 200 ብር ለልብስ ሰፊው ተላለፈ፤ የሸማኔውም መቅረት ተሸፈነ። ከዚያ በኋላ ቅቤ ነጋዴይቱ ገንዘቧን ብትጠይቅ፥ ጠላ ሻጪቱ «ከፍያለሁ» ትላለች፥ እውነቷንም ነው፤ ልብስ ሰፊው «የደረሰኝን ወሰድሁ» ይላል፥ እርሱም ሐሰት አልተናገረም። ኹሉም እውነት እየተናገሩ ገንዘቡ ግን የለም።

የዚህ መድኃኒቱ አንድ ሥርዓት ነው፤ ይኸውም፦ ምንም ቢኾን በአንድ ቤት ውስጥ ከአንድ ዙር መዋጮ በላይ አይጻፍም። ሰው 400 ብር ቢያመጣ ገንዘቡ በሠንጠረዡ ላይ ለኹለት ይከፈላል። 200 ብሩ በሦስተኛው ዐምድ ቀርቶ የነበረውን ቤት ይሞላል፤ «ቀ» የነበረው «ቀ/4» ይኾናል፤ ገንዘቡም የሦስተኛው ዙር ባለዕጣ የኾነችው የቅቤ ነጋዴይቱ ነው። የቀረው 200 ብር በአራተኛው ዐምድ ይጻፋል። እንዲህ ሲደረግ የአራተኛው ዐምድ ድምር 1000 ብር መኾኑና ሸማኔው መቅረቱ ወዲያው ይታያል። ውዝፍ የሚከፈለው በተከፈለበት ቀን ለደረሰው ሰው ሳይኾን በቀረበት ቀን ለደረሰው ሰው ነው።

በዚህ ሥርዓት የሠሩት ጸሐፊ ከሣጥኑ 200 ብር አውጥተው ለቅቤ ነጋዴይቱ ሰጡ፤ እርሷም 1200 ብሯ ተሟላላት። ለልብስ ሰፊው 1000 ብር ተሰጠው፤ ቀሪ 200 ብር እንዳለው ተጻፈ፤ በሸማኔው ቤት «ቀ» ተጻፈ። ሸማኔው በኹለተኛው ዙር ደርሶታልና ይህ «ቀ» ከ«ደ» በስተቀኝ ነው። ጠላ ሻጪቱ በቀረች ጊዜ ዝም ያሉት ዳኛ፥ በዚህ ጊዜ ግን በዚያው ዕለት ለመምህሩ ነገሩ።

5. ስለ ዋስ

ዋስ የሚጠራው ዕቁብ የደረሰው ሰው ገንዘቡን ከመቀበሉ በፊት ነው። ዋሱ ለምን ያህል ገንዘብ እንደ ተዋሰ በቍጥር መጻፍ አለበት። ስሌቱ ቀላል ነው፤ የቀሩት ዙሮች ቍጥር በመዋጮው ይበዛል። ሸማኔው በኹለተኛው ዙር ሲደርሰው አራት ዙር ቀርቶ ነበር፤ 4 ጊዜ 200 ብር 800 ብር ነው። ስለዚህ መምህሩ የተዋሱት እስከ 800 ብር ድረስ ነው፤ ሸማኔው አንድ ዙር በጣለ ቍጥር ይህ ገንዘብ በ200 ብር ይቀንሳል።

ይህ የጽሕፈት ጥንቃቄ ብቻ አይደለም፥ የሕግም ነገር ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቍጥር 1922 ዋሱ የሚጠየቅበት ገንዘብ ከፍተኛው መጠን በውሉ ካልተገለጸ ዋስትናው እንደማይጸና ይናገራል። በቍጥር 1725 የዋስትና ውል በጽሕፈት እንዲደረግ፥ በቍጥር 1727 ደግሞ በጽሕፈት የሚደረግ ውል ተዋዋዮቹ የፈረሙበትና ኹለት ምስክሮች ያረጋገጡት እንዲኾን ያዛል። «እኔ አለሁለት» ብሎ በቃል የተዋሰ ሰው በሽማግሌ ፊት ሊያፍር ይችላል፤ በፍርድ ቤት ግን በዚህ ቃሉ ማስገደድ ያስቸግራል። ስለዚህ ለዋስ ልዩ ገጽ ይደረግለት፤ በገጹም ላይ የደረሰው ሰው ስም፥ የዋሱ ስም፥ የገንዘቡ ከፍተኛ መጠን፥ ዕለቱ፥ የዋሱና የደረሰው ሰው ፊርማ፥ የኹለት ምስክሮችም ፊርማ ይኑርበት።

ከአባሎቹ መካከል ለዋስነት የሚሻለው ገና ያልደረሰው ነው። ሸማኔው በመጀመሪያ ዳኛውን ዋስ ሊጠራ ፈልጎ ነበር፤ ዳኛው ግን ራሳቸው በመጀመሪያው ዙር ደርሷቸው ስለ ነበረ አልተቀበሉም። ዕቁብ የደረሰው ሰው ራሱ ተበዳሪ ነው፤ ተበዳሪ ለተበዳሪ ዋስ ቢኾን የሚያዝ ገንዘብ አይገኝም። ኹለት የደረሳቸው ሰዎች እርስ በርሳቸው ቢዋዋሱማ ዋስ እንደሌለ ይቈጠራል። ያልደረሰው ሰው ግን ዕጣው ገና በማኅበሩ እጅ ነው፤ ከዚያ ላይ ሊያዝ ይችላል።

ነገር ግን የዚህም ወሰን አለው። ዋስ የኾነው ሰው ራሱ ሲደርሰው መያዣው ከእጅ ይወጣል። በዚያ ዕለት የዋሱን ገጽ ሳያዩ ዕጣውን መስጠት አይገባም። ወይ የተዋሰለት ሰው ሌላ ዋስ ይጥራ፤ ወይ ቀሪው ዕዳ ከዕጣው ላይ ተቀንሶ እስከ ፍጻሜ በሣጥን ይቈይ። ዕቁቡ ወደ ማለቁ ሲቀርብ ያልደረሳቸው ሰዎች እያነሱ ስለሚኼዱ ከአባሎቹ መካከል ዋስ ማግኘት ይከብዳል፤ የያንዳንዱ ቀሪ ዕዳ ግን አብሮ ስለሚያንስ ጥቂት ገንዘብ በሣጥን ማቈየት ይበቃል።

6. የዕቁቡ አፈጻጸም

በአምስተኛው ዙር ሸማኔው ደግሞ ቀረ። አምስቱ ጥለው 1000 ብር ተሰበሰበ። ዕጣው ለመምህሩ ወጣ። ዳኛው የዋሱን ገጽ ገልጠው አነበቡ። ሸማኔው የአራተኛውን ዙር 200 ብርና የአምስተኛውን ዙር 200 ብር አልጣለም፤ ስድስተኛው ዙር ደግሞ ገና ነው።

ስሌቱ እንዲህ ኾነ። የአራተኛው ዙር ጉድለት የልብስ ሰፊው ስለ ኾነ ከመምህሩ ዕጣ 200 ብር ተወስዶ ለልብስ ሰፊው ተሰጠ፤ የእርሱም 1200 ተሟላ። የአምስተኛው ዙር ጉድለት የባለዕጣው የመምህሩ የራሳቸው ስለ ኾነ፥ 1200 ይደርሳቸው የነበረው በ1000 ቀረላቸው። ለስድስተኛው ዙር 200 ብር በሣጥን ተቀመጠ። ስለዚህ መምህሩ ከ1000 ብሩ 600 ብር ይዘው ወጡ። በሸማኔው ረድፍ ኹለቱ «ቀ»ዎች «ቀ/ዋ5» ኾኑ፤ በዋስ ገጽም ሸማኔው ለመምህሩ 400 ብር እንዳለበት ተጻፈ። መምህሩም በበኩላቸው አንድ ዙር ስለ ቀራቸው ለ200 ብር ጠላ ሻጪቱን ዋስ አደረጉ።

በስድስተኛው ዙር ሸማኔው መጥቶ 200 ብር ጣለ። ኹሉም ጥለው 1200 ብር ለጠላ ሻጪቱ ተሰጠ። በሣጥን የተቀመጠው 200 ብር ለመምህሩ ተመለሰ፤ ሣጥኑ ባዶ ኾነ። የሸማኔው 400 ብር ግን ከእንግዲህ በእርሱና በመምህሩ መካከል ያለ ዕዳ ነው እንጂ የዕቁቡ ዕዳ አይደለም፤ ዕቁቡ ንጹሕ ኾኖ ተፈጸመ። የሠንጠረዡ መልክ እንደሚከተለው ነው።

| አባል | 1ኛ | 2ኛ | 3ኛ | 4ኛ | 5ኛ | 6ኛ |
|---|---|---|---|---|---|---|
| መምህሩ | 200 | 200 | 200 | 200 | 200 ደ | 200 |
| ሸማኔው | 200 | 200 ደ | 200 | ቀ/ዋ5 | ቀ/ዋ5 | 200 |
| ጠላ ሻጪቱ | 200 | 200 | ቀ/4 | 200 | 200 | 200 ደ |
| ገበሬው (ዳኛ) | 200 ደ | 200 | 200 | 200 | 200 | 200 |
| ቅቤ ነጋዴይቱ | 200 | 200 | 200 ደ | 200 | 200 | 200 |
| ልብስ ሰፊው | 200 | 200 | 200 | 200 ደ | 200 | 200 |
| በዕለቱ የተጣለ | 1200 | 1200 | 1000 | 1000 | 1000 | 1200 |
| ኋላ የተሟላ | 0 | 0 | 200 | 200 | 200 | 0 |
| ድምር | 1200 | 1200 | 1200 | 1200 | 1200 | 1200 |

7. መዝገቡ ትክክል መኾኑ እንዴት እንደሚታወቅ

ሦስት ምርመራዎች አሉ፤ በየዙሩ መጨረሻ ሰዎቹ ሳይበተኑ ይደረጉ።

መጀመሪያ ዐምዱ ይመረመራል። በዐምዱ ውስጥ ያሉት 200ዎች ተቈጥረው በዕለቱ ለባለዕጣው ከተሰጠው ጋር ይተያያሉ። በእያንዳንዱ ዐምድ አንድ «ደ» ብቻ መኖር አለበት። ያለፈ ዐምድ ድምሩ ከ1200 ካነሰ ለባለዕጣው የሚሰጥ ቀሪ አለ ማለት ነው።

ቀጥሎ ረድፉ ይመረመራል። በእያንዳንዱ ረድፍም አንድ «ደ» ብቻ ይኖራል፤ ኹለት ቢገኝ አንድ ሰው ኹለት ጊዜ ወስዷል። ከ«ደ» በስተቀኝ ገና ያልተሟላ «ቀ» ያለበት ረድፍ ቢገኝ ዋሱ በዚያው ዕለት ይነገረው።

በመጨረሻ ሣጥኑ ይመረመራል። የእያንዳንዱ ሰው የጣለው ከተቀበለው ጋር ይተያያል። በአራተኛው ዙር መጨረሻ መምህሩና ጠላ ሻጪቱ እያንዳንዳቸው 800 ብር ጥለው ምንም አልተቀበሉም፤ አበዳሪዎቹ እነርሱ ናቸው፥ ድምራቸው 1600 ብር ነው። ሸማኔው 600፥ ገበሬው 400፥ ቅቤ ነጋዴይቱ 400፥ ልብስ ሰፊው 200 ብር ከጣሉት በላይ ተቀብለዋል፤ የተበዳሪዎቹም ድምር 1600 ብር ነው። ኹለቱ ድምሮች እኩል ከኾኑ ሣጥኑ ባዶ መኾን አለበት፤ የአበዳሪዎቹ ድምር ከበለጠ ልዩነቱ በሣጥኑ ውስጥ መገኘት አለበት።

ይሁን እንጂ የሣጥን ምርመራ ብቻውን አይበቃም። ከላይ በተነገረው ስሕተት ለልብስ ሰፊው 1200፥ ለቅቤ ነጋዴይቱ 1000 ብር ብቻ ቢሰጥ፥ የእርሱ ዕዳ 400፥ የእርሷ 200 ይኾናል እንጂ ድምሩ ያው 1600 ነው። ሣጥኑ ምንም አይጎድልም፤ ስሕተቱ ግን አለ። የሣጥን ምርመራ የጠፋን ገንዘብ ያገኛል፤ ለሌላ ሰው የተሰጠን ገንዘብ ግን የሚያገኘው የዐምድ ምርመራ ነው።

8. ሠንጠረዡን ስለሚያውኩ ሦስት ነገሮች

አንድ ሰው ኹለት ዕጣ ቢገባ ስሙ በኹለት ረድፍ ይጻፍ፤ በአንድ ረድፍ 400 እየተባለ አይጻፍ። አንዱ ዕጣ ደርሶት ሌላው ሳይደርሰው በሚቈይበት ጊዜ በአንድ ረድፍ «ደ» ቢጻፍ፥ ያልደረሰው ዕጣ እንደ ደረሰ ይቈጠርበታል። ኹለት ሰዎች አንድ ዕጣ በግማሽ በግማሽ ቢገቡ ደግሞ ረድፉ አንድ ነው፤ ለመጣልም ለመቀበልም የሚጠየቀው የአንዱ ስም ከፊት ይጻፋል።

ዕጣ የወጣለት ሰው ተራውን ለቸገረው ባልንጀራው ቢለቅ፥ «ደ» የሚጻፈው ገንዘቡን በወሰደው ሰው ረድፍ ነው እንጂ ዕጣው በወጣለት ሰው ረድፍ አይደለም። ዋስ የሚጠራውም ገንዘቡን የወሰደው ነው። ተራውን የለቀቀው ሰው ገና እንዳልደረሰው ኾኖ ይቈያል።

መቀጫ ካለ በሌላ ገጽ ይጻፍ። የዘገየ ሰው 210 ብር ቢያመጣ፥ 200 ብሩ በቤቱ፥ 10 ብሩ በመቀጫ ገጽ ይገባል። መቀጫ ከመዋጮ ጋር ከተደባለቀ የዐምዱ ድምር አይገጥምም፤ የማይገጥም ዐምድ ደግሞ እውነተኛውን ጉድለት ይሸፍናል።

9. ለመለማመጃ የሚኾን ጥያቄ

አምስት ሰዎች በየወሩ 300 ብር ይጥላሉ። በኹለተኛው ዙር የደረሰው ሰው በሦስተኛው ዙር ቀረ። በአራተኛው ዙር 600 ብር ይዞ መጣ፤ በዚያ ዕለት ግን ሌላ አንድ ሰው ቀረ።

ሀ. ሰውየው በኹለተኛው ዙር ሲደርሰው ዋሱ እስከ ስንት ብር ይጻፍበታል?

ለ. የሦስተኛው ዙር ባለዕጣ በዕለቱ ስንት ተቀበለ? ስንትስ ቀረው?

ሐ. በአራተኛው ዙር በሣጥን ስንት ተገኘ? ለማን ለማን ይከፈላል?

መልስ። ሀ. ሦስት ዙር ስለ ቀረ 3 ጊዜ 300፥ 900 ብር። ለ. 1200 ብር ተቀበለ፥ 300 ብር ቀረው። ሐ. ሦስቱ የጣሉት 900 ብርና የሰውየው 600 ብር ተደምሮ 1500 ብር ተገኘ፤ ሣጥኑ የሞላ ይመስላል። ነገር ግን 300 ብሩ የሦስተኛው ዙር ባለዕጣ ቀሪ ነው፤ ለአራተኛው ዙር ባለዕጣ የሚሰጠው 1200 ብር ነው፥ በዕለቱ በቀረውም ሰው ቤት «ቀ» ይጻፋል።

ተማሪዎቹ ይህን ከፈጸሙ በኋላ የአምስቱን ሰዎች ሠንጠረዥ እስከ አራተኛው ዙር ድረስ ሠርተው፥ የትኛው «ቀ» ከ«ደ» በስተቀኝ እንደ ኾነ በቀይ ቀለም ያመልክቱ።